ሐምሌ 1 ጠዋት ለሻጮች ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ «ጎንደር ውስጥ የሳሙናና የብስኩት አከፋፋይ ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ ነኝ። ስድስት ሻጮች አሉኝ። ባለፈው ሩብ ዓመት 8 ሚሊዮን ብር ታቅዶ የሸጥነው 6.6 ሚሊዮን ነው። ባለቤቱ ደግሞ የሐምሌ–መስከረምን ዕቅድ 8.4 ሚሊዮን አደረገው። ክረምት ነው፣ ተማሪ የለም፣ የልጆቹም ሞራል ወርዷል። ሐምሌ 1 ጠዋት ሰብስቤ ላነጋግራቸው ነው። እንዴት አድርጌ ላነቃቃቸው? ቁጥሩንስ ሙሉውን ልንገራቸው ወይስ ለጊዜው ልተወው?»

ምላሽ፦

ቁጥሩን ሙሉውን ይንገሯቸው። ሻጭ የራሱን ደብተር ያውቃል፣ የጓደኛውንም በግምት ያውቃል፤ ስድስቱ አንድ ቀን ቡና ላይ ከተቀመጡ ጉድለቱን ከእርስዎ ባላነሰ ትክክለኛነት ደምረው ይነሣሉ። እርስዎ ካልነገሯቸው የሚገምቱት የባሰውን ነው፦ ድርጅቱ ሊዘጋ ነው፣ ሰው ሊቀነስ ነው፣ ኮሚሽን ሊቀር ነው።

«ላነቃቃቸው» የሚለው ሐሳብ ላይ ግን ልያዝዎት። ሞራላቸው የወደቀው አነቃቂ ቃል ስላልሰሙ አይመስለኝም። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቁጥር ሲያባርሩ ስላልደረሱበት፣ አሁን ደግሞ ከዚያ የበለጠ ቁጥር ስለመጣባቸው ነው። በጭብጨባ የሚያልቅ ንግግር እስከ ምሳ ሰዓት ይቆያል። ማራኪ ሰፈር ያለው ባለሱቅ «ያለኝ አላለቀም፣ ሌላ ጊዜ ና» ሲል ጭብጨባው ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሻጩን የሚያቆመው ሁለት ነገር ነው፤ ዛሬ ከእሱ የሚጠበቀው ምን ያህል እንደሆነ ማወቁ፣ እና ያ መጠን የሚደረስበት መሆኑን ማመኑ። የንግግሩ ሥራ እነዚህን ሁለቱን መስጠት ነው። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው ከንግግሩ በፊት፣ ደብተሩ ላይ ነው።

የጉብኝት ደብተርዎን ስላላየሁ፣ በእርስዎ ልክ ላለ ድርጅት የሚስማማ ቁጥር ልውሰድ። አንድ ሻጭ በቀን 25 ሱቅ ይጎበኛል እንበል፤ ከ25ቱ 10ሩ ያዛሉ፤ አንዱ ትእዛዝ በአማካይ 1,500 ብር ነው። ሻጩ በቀን 15,000፣ ስድስቱ 90,000 ብር ይሸጣሉ ማለት ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ እሑዶቹና በዓላቱ ሲወጡ 73 የሥራ ቀን ገደማ ነበር። ቢያባዙት 6.57 ሚሊዮን ይመጣል፤ እናንተ ከሸጣችሁት ጋር ይገጥማል።

አሁን አዲሱን ሩብ ዓመት ይቁጠሩ። ብዙ ኃላፊ የሚዘነጋው ነገር እዚህ ጋ አለ፤ ይህ ሩብ ዓመት ጳጉሜንን ስለሚይዝ 90 ሳይሆን 95 ቀን ነው። እሑዶቹ፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና መውሊድ ሲወጡ 78 የሥራ ቀን ገደማ ይቀራል። ማንም ምንም ሳይጨምር፣ ባለፈው ፍጥነት ብቻ ከተሠራ 7.02 ሚሊዮን ይሸጣል። ሻጮቹ «ከ6.6 ወደ 8.4» ሲባል 1.8 ሚሊዮን ብር ተራራ ሆኖ ይታያቸዋል፤ በርግጥ በላብ መሞላት ያለበት ግን 1.4 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ይህን ወደ አንድ ሰውና ወደ አንድ ቀን ሲያወርዱት ከ15,000 ወደ 18,000 ብር መውጣት ይሆናል።

18,000ው ከየት ይመጣል? ሻጩ በቀን የሚጎበኘውን ሱቅ ከ25 ወደ 30 አሳድጉ ማለት ቀላሉ መልስ ነው፣ ግን በክረምት አይሠራም። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ሲጥል ባጃጅ ይጠፋል፣ ከአራዳ ወጣ ሲሉ የሰፈር ውስጥ መንገዱ ጭቃ ነው፤ 25ቱን ጠብቆ መጎብኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የተሻለው ከ25ቱ ውስጥ የሚያዙትን ከ10 ወደ 11 ማድረስና የአንዱን ትእዛዝ አማካይ ከ1,500 ወደ 1,630 ብር ማሳደግ ነው። 11 በ1,630 ሲባዛ 17,930 ይሆናል። ለሻጩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ «በቀን አንድ ተጨማሪ ሱቅ እሺ ይበልህ፤ በየትእዛዙ ላይ ደግሞ የ130 ብር ዕቃ ጨምር»። ይህን የሰማ ሰው ዛሬውኑ የሚሞክረው ነገር አገኘ።

ግን 18,000ውን በየቀኑ እኩል እንዳይጭኑት። ወቅቱ እኩል አይደለም። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ በአጥር ሥር ያሉት ሱቆችና ጉልቶች ብስኩት አያነሡም። የአነስተኛ ነጋዴዎች የግብር ክፍያም ሐምሌ ላይ ስለሚያርፍ ባለሱቁ ጥሬ ገንዘቡን ይይዛል፤ ቢያዝም በዱቤ ይላል። በቆላ ድባና በማክሰኝት በኩል ያለው የገጠር ገበያ ደግሞ አዲሱ እህል እስኪደርስ ይቀዛቀዛል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ወተት የገባበት ብስኩት መደርደሪያ ላይ ይከርማል፤ የጾሙን ዓይነት ማቅረብ ያለባችሁ ከሐምሌ 20 ጀምሮ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ለእንቁጣጣሽ ቤት ይጸዳል፣ ልብስ ይታጠባል፤ መስከረም ላይ ተማሪ ይመለሳል። ስለዚህ 8.4 ሚሊዮኑን ለሐምሌ 2.4፣ ለነሐሴና ጳጉሜን 3.1፣ ለመስከረም 2.9 ሚሊዮን አድርገው ቢከፍሉት ያስኬዳል። በአንድ ሻጭ የቀን ድርሻ ሲታይ ሐምሌ 15,400፣ ነሐሴና ጳጉሜን 17,800፣ መስከረም 21,000 ብር ገደማ ነው። ሐምሌ 1 ላይ «በቀን 18,000» ብለው ቢጀምሩ በመጀመሪያው ቅዳሜ ስድስቱም ወድቀው ያገኟቸዋል፤ በወደቀ ቡድን ደግሞ ነሐሴን መጀመር ከባድ ነው። 15,400 ግን እስከ ዛሬ ከሚሸጡት በ400 ብር ብቻ ስለሚበልጥ ሐምሌ ላይ የሚያልፉት ሰዎች ይኖራሉ፤ ያን ደግሞ ይፈልጉታል።

ሁለተኛው የቅድመ ዝግጅት ሥራ ያለፈው ሩብ ዓመት ለምን እንደጎደለ መለየት ነው። በግምት አይናገሩ። ከጉብኝት ደብተሮቹ ሳይሸጥባቸው የቀሩ 100 ጉብኝቶችን ያውጡና በምክንያት ይደልድሏቸው፦ ዕቃው መጋዘን አልነበረም፣ ባለሱቁ ያለው አላለቀም፣ ገንዘብ የለውም፣ ዋጋ ተወደደ፣ ሱቁ ዝግ ነበር፣ የቀድሞ ዱቤ ስላልከፈለ ተከለከለ። ደብተሩ ምክንያት የማይጽፍ ከሆነ ስድስቱን አንድ በአንድ ለሃያ ደቂቃ ያነጋግሯቸው፤ በዚያውም ሐምሌ 1 ላይ ዱብ ዕዳ አይሆንባቸውም። ከ100ው 30ው «ዕቃ አልነበረም» ሆኖ ከተገኘ ንግግርዎ ይለወጣል፤ ይህ የሻጭ ጥፋት አይደለም፣ በሻጭ ትጋትም አይድንም። ይህን ሳይለዩ ሁሉን በአንድ ላይ «አልሠራችሁም» ካሉ፣ በትጋት የዞረውም ያልዞረውም እኩል ይኮርፋል።

ሦስተኛው ከባለቤቱ ጋር የሚያልቅ ነው። ሻጮቹ ፊት ከመቆምዎ በፊት እርስዎ ራስዎ የሚያደርጉትን ሁለት ወይም ሦስት ነገር በቀን ወስነው ይያዙ። ለምሳሌ ዋና ዋናዎቹ አምስት ዓይነት ዕቃዎች መጋዘን ውስጥ ከአሥር ቀን ሽያጭ በታች እንዳይወርዱ፣ የጾም ብስኩቱ እስከ ሐምሌ 20 እንዲገባ፣ ለደንበኛ የሚፈቀደው ዱቤ በሱቅ ስንት ብርና ስንት ቀን እንደሆነ በወረቀት እንዲወጣ። ባለቤቱ እሺ ያላለበትን ነገር አይናገሩ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል፤ ሐምሌ ላይ የተገባ ነሐሴ ላይ የፈረሰ ቃል ለመስከረም ንግግርዎ ጆሮ አያስቀርልዎትም።

ንግግሩ ራሱ ከ12 ደቂቃ አይብለጥ፤ ቤትዎ ጮክ ብለው ሰዓት ይዘው ያንብቡት። ሆቴል አይከራዩ፤ መጋዘኑ ውስጥ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ መስመር ከመውጣታቸው በፊት ይሁን። የቀን ድርሻው በሦስቱ ወቅት ተከፍሎ በትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አወራሩ ይህን ቢመስል ይበቃል፤ ቀኖቹንና ምክንያቶቹን በራስዎ ይተኩ፦

«እንደምን አደራችሁ። 12 ደቂቃ ነው የምይዛችሁ፣ ከዚያ ትጠይቁኛላችሁ፤ 3 ሰዓት ላይ ሁላችሁም መስመር ላይ ናችሁ። ባለፉት ሦስት ወራት 8 ሚሊዮን አቅደን 6.6 ሸጠናል። 1.4 ሚሊዮን ጎድሎናል። ደብተራችሁን አይቻለሁ። ካልሸጣችሁባቸው 100 ሱቆች በ30ው የጎደለው ዕቃ ነው። ግንቦት ላይ ትንሿ የልብስ ሳሙና 17 ቀን መጋዘን አልነበረችም። ትእዛዙን ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ እናንተ ላይ አላላክክም። በ22ቱ ደግሞ ሱቁ ዝግ ነበር ብላችኋል። እዚህ ላይ የእኛ ድርሻ አለ፤ ከሰዓት በኋላ የሚከፍት ሱቅ ጋ ጠዋት እየሄድን ነው። ዛሬ የመስመር ቅደም ተከተሉን አብረን እንቀይራለን።

የዚህ ሩብ ዓመት ዕቅድ 8.4 ሚሊዮን ነው። ከባድ ነው፣ ቀላል ነው አልላችሁም። ግን ግድግዳውን እዩት። ሐምሌን ከእናንተ የምጠብቀው በቀን 15,400 ነው፤ እስከ ዛሬ ስትሸጡ የነበረው 15,000 ነው። ነሐሴና ጳጉሜን 17,800፣ መስከረም 21,000። ሐምሌ ላይ 21,000 አልጠይቃችሁም፤ መስከረም ላይ ግን 15,000 ይዛችሁ አትምጡ።

እኔ ሦስት ነገር አደርጋለሁ። አምስቱ ዋና ዋና ዕቃዎች ከአሥር ቀን ሽያጭ በታች አይወርዱም፤ ከወረዱ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ጠይቁኝ። የጾም ብስኩት ሐምሌ 20 መጋዘን ይገባል። የዱቤው ልክ ዛሬ በወረቀት ይሰጣችኋል፤ ከእሱ በላይ የሚጠይቅ ደንበኛ ካለ እናንተ አትጨቃጨቁ፣ እኔ ጋ ደውሉ።

እናንተ ሁለት ነገር ታደርጋላችሁ። በየቀኑ እምቢ ካሏችሁ ሱቆች አንዱን ተመልሳችሁ ታያላችሁ። ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በፊት መደርደሪያውን አይታችሁ የጎደለውን አንድ ዓይነት ዕቃ በስሙ ትጠራላችሁ። ኮሚሽኑ አልተነካም፣ በነበረበት ነው። ማንም ከሥራ አይቀነስም ብዬ ግን ለዓመት ቃል አልገባም፤ በዚህ ሩብ ዓመት እንዲህ ያለ ዕቅድ የለም፣ ባለቤቱን ጠይቄ ነው የምነግራችሁ። አሁን ጠይቁኝ።»

ይህ ንግግር አያስጨበጭብም። አይጠበቅበትምም። ስለ ኮሚሽንና ስለ ቅነሳ የተባሉትን ዓረፍተ ነገሮች ግን ሳያረጋግጡ እንዳይደግሙ። ኮሚሽኑ የሚነካ ከሆነ በንግግር አይሆንም፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እንዲህ ያለ የሥራ ውል ሁኔታ የሚለወጠው በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት ነው። መድረክ ላይ ቆሞ «ከዛሬ ጀምሮ ኮሚሽኑ በተሰበሰበ ገንዘብ ብቻ ነው» ማለት ሰዎቹንም ያስቆጣል፣ ሕጋዊ መሠረቱም የሳሳ ነው። የቅነሳው ጥያቄ መነሣቱም የማይቀር ነው፤ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ከገቡ ፊትዎ ላይ ይነበባል።

መጠንቀቅ ያለብዎት ሌላው ነገር የሰው ስም ነው። ከስድስቱ የአንዱ ቁጥር ከሌሎቹ በግማሽ ቢያንስም በስብሰባ አይጠሩት፤ ለብቻው፣ በዚያው ሳምንት ያነጋግሩት። የሻጭን ውድቀት በጓደኞቹ ፊት ማውጣት ሌሎቹን አያተጋም፤ ደብተር ላይ ያልጎበኙትን ሱቅ «ዝግ ነበር» ብሎ መጻፍ ነው የሚያስተምራቸው። ምርጡን ማመስገን ከፈለጉም ያደረገውን ነገር ለይተው ይናገሩ፤ አዘዞ መስመር ላይ ያለው ሻጭ የአማካይ ትእዛዙን ከፍ ያደረገው ባለሱቆቹን ከሳሙናው ጋር የልብስ ማጠቢያ ዱቄቱን አስለምዶ ከሆነ ይህን ይበሉ፣ ሌሎቹ ነገ ሊያደርጉት ይችላሉ። «እሱን ምሰሉ» ግን ምንም አያሳይም። «እኛ ቤተሰብ ነን» የሚለውንም ይተዉት። ሰኔ ላይ ኮሚሽን ያልደረሰው ሰው በሐምሌ ቤተሰብ ሲባል ይስቃል፣ በሆዱም ቢሆን።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ከንግግሩ አሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ የሚወለድ ነው። ቁጥሩ ብቻ ከተጮኸ ሻጩ መስከረም 20 ላይ ባለሱቁን «ውሰድልኝ፣ ጥቅምት ላይ ትከፍላለህ፣ ካልሸጥከው እመልሳለሁ» ማለት ይጀምራል። ወረቀት ላይ ዕቅዱ ይሞላል። ጥቅምት ላይ ብስኩቱ ይመለሳል፤ በእርጥብ ሱቅ ወለል ላይ የከረመ ካርቶን ሥሩ ለስልሶ፣ ብስኩቱ ጥርስ ሥር መሰበሩን ትቶ ይመጣል፣ ማንም አይገዛውም። ዱቤውም አይሰበሰብም። ምልክቱን በጊዜ ማወቅ ይቻላል፦ የአንድ ሱቅ ትእዛዝ ከራሱ የቀድሞ አማካይ በድንገት እጥፍ ከሆነ፣ በዚያው ሱቅም ያልተከፈለ ደረሰኝ ካለ፣ መኪናው ከመጫኑ በፊት ይደውሉለት። ለዚህ ነው የዱቤው ልክ በንግግሩ ውስጥ የገባው፤ በጥቅምት ለመውቀስ ሳይሆን በሐምሌ ለመከልከል ነው።

ንግግሩ የማይችለውን ደግሞ ይወቁት። መንገድ ተዘግቶ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ሳምንት ከዘገየ የሻጭ ሞራል ሳሙና አይሆንም። ዕቃ በሌለበት ሳምንት የቀን ድርሻውን ይቀንሱላቸውና ያን ጊዜ ዱቤ በመሰብሰብ ያሳልፉት፤ ድርሻው ሳይነካ ባዶ መጋዘን ይዘው «በርቱ» ካሉ ከዚያ በኋላ የሚሉት ሁሉ ዋጋ ያጣል። ባለቤቱ ደግሞ ለዋና ዋናዎቹ ዕቃዎች ገንዘብ አልመድብም ካለ፣ ሐምሌ 1 ላይ ሻጮቹን ሰብስቦ 8.4 ሚሊዮን ማለት የእርስዎን ስም ማቃጠል ነው። ይህን ስሌት ይዘው ወደ ባለቤቱ ይመለሱ፦ ባለፈው ፍጥነት 7 ሚሊዮን ይመጣል፣ ለቀሪው 1.4 ሚሊዮን የሚያስፈልገው ዕቃ ይህ ነው ይበሉት። ወይ ዕቃውን ይስጥዎት ወይ ዕቅዱን ይቀንስ። ስብሰባውን በሁለት ቀን ማዘግየት ካስፈለገ ያዘግዩት።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ ንግግሩን አሁን አይጻፉ። መጀመሪያ 100ውን ጉብኝት ይቁጠሩ፣ ከዚያ ከባለቤቱ ጋር ሦስቱን ቃል ይጨርሱ፣ ጽሑፉን በመጨረሻው ምሽት ይጻፉት። ከሐምሌ 1 በኋላም በየቅዳሜው 9 ሰዓት ላይ ለ15 ደቂቃ እዚያው ግድግዳ ፊት ይቁሙ። በመጀመሪያው ቅዳሜ መጀመሪያ የሚያነቡት የሻጮቹን ቁጥር አይሁን፤ መጋዘን ውስጥ ያሉትን የአምስቱን ዕቃዎች ቀሪ ያንብቡ፣ እርስዎ የገቡት ቃል ነውና።